ጥሪ ያዞርኩበት እሑድ

አባቴ በደርግ ጊዜ ወንጂ የሸንኮራ ሠራተኛ ነበር። በሰፈራቸው የነበረችው ስልክ አንዲት ናት፤ እሷም ዘበኛው ቤት ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድሙን ይዘው ያሰሩት ጊዜ፣ እስር ቤቱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ያገራቸው ሰው «እስከ ማታ ዋስ ይዞ ይድረስ» ሊል ደወለ። ደጋግሞ ደወለ። ዘበኛው በር ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወት ስለነበር አላነሳም። በማግስቱ ጠዋት ሲያነሳ ነገሩ አልቆ ነበር፤ አጎቴን የት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አባቴ ዘበኛውን አልሰደበውም፣ አልመታውም። «ለመሆኑ አሸነፍክ?» ብሎ ብቻ ጠየቀው።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። እኛ ቤት ስልክ ጠርቶ ካልተነሳ ጦርነት ነው።

እኔ ደግሞ የዚህ ሰው ልጅ ሆኜ ነው ያንን ያደረግሁት።

ያኔ አዳማ ውስጥ በኦንላይን ኳስ ጌም ስሜ የሚጠራ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን የመስመር ኢንተርኔት ስላልነበረ የምጫወተው በስልኬ ሆትስፖት ነው። ሰው «ዳታህን አይጨርሰውም?» ይለኛል። አይጨርሰውም! ጨዋታው ራሱ የሚበላው ትንሽ ነው፤ የሚሄደውና የሚመጣው የትኛው ተጫዋች የት እንዳለ፣ የቱን ቁልፍ እንደጫንክ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫውቼ የሚሄድብኝ፣ እህቴ ተኝታ ቪዲዮ ስታይ በደቂቃዎች ከምትጨርሰው አይበልጥም። ጠላቱ ዳውንሎድ ነው። ጌሙ አዲስ አፕዴት ካወጣ፣ ሳትጭን ኦንላይን አያስገባህም፤ እሱ ደግሞ የወር ፓኬጅህን ባንድ ቁጭታ ውጦ ገና ግማሽ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የጌም ማሽኑን አጥፍቼው የሄድኩ መስሎኝ፣ ለካ አሸልቦ ነው እንጂ አልጠፋም፤ ሆትስፖቱም ክፍት ነበር። ስመለስ አንዲት ሜጋ አልቀረችልኝም። ከዚያ ወዲህ በራሱ እንዳያወርድ ዘጋሁት።

ሌላው ጣጣ መዘግየት ነው። ፓኬጅ መጠን ይገዛል እንጂ ፍጥነት አይገዛም። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ነው፤ ቁልፍ ስትጫን ምልክቱ ባየር ወደ ማማው፣ ከማማው ወደዚያ ሄዶ ይመለሳል። ስልኩን ማማው ወደሚታይበት መስኮት ብታስጠጋው ትንሽ ይሻላል፣ መንገዱ ግን አያጥርም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩ ላይ ሲጣድ ደግሞ አይወራም፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይቆማል፣ ኳሱ ካለፈህ በኋላ ነው እግርህን የምታነሳው። ስለዚህ ትልልቅ ጨዋታ የማደርገው በቀን ነው።

ያን ሰሞን እናቴ ማህፀኗ ላይ በወጣ እጢ ምክንያት አሰላ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቀዶ ጥገናው ለሰኞ ተቀጠረ። የእኔና የእሷ ደም አንድ ዓይነት ነው፤ በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ልብሷን ይዞ ሲወጣ «አብረን እንሂድ፣ ደም ቢያስፈልግ እዚያው ትሆናለህ» አለኝ።

«አባዬ፣ ዳውንሎድ አለብኝ» አልኩት። ወይ ጉድ! አሁን ሳስበው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል። አፕዴት ወጥቶ ነበር፤ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ላዲስ አበባው ውድድር ማጣሪያ አለብኝ። ቅዳሜን ሙሉ ማሽኑን በባጃጅ ጭኜ መስመር ኢንተርኔት ያለው ጌም ቤት አፕዴቱን ሳወርድ ዋልኩ።

ይህን ስለው አባቴ በር ላይ ቆሞ አየኝ። «እሺ፣ ነገ ማታ ና። ስልክህ ግን ይከፈት» አለ።

ስልኬ ተከፍቷል። ችግሩ እሱ አልነበረም። በእኔ ስልክ ጥሪ ሲገባ ኔትወርኩ ከፎርጂ ይወርድና ዳታው ቀጥ ይላል፤ ማሽኑ ከሰርቨሩ ይቆረጣል፣ ተሸነፍክ ይባላል። ድምፁን ማጥፋት አይረዳም፣ ጥሪው ያው ይገባል። ስለዚህ በሆትስፖት የምንጫወት ልጆች አንድ ዘዴ ነበረን፦ ጥሪን በሙሉ ወደማይሠራ ሲም ማዞር። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ ወዳለች አሮጌ ሲም አዞርኩ። የደወለ ሰው «ደንበኛው ጥሪ መቀበል አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ይሰማል። ለአንድ ሰዓት ነው ብዬ ነው። ለአንድ ሰዓት ምን ይመጣል?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሬን ቆለፍኩ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ማዳመጫ አደረግሁ። ሁለት ጨዋታ ነው፤ የመጀመሪያውን አሸነፍኩ። ኔትወርኩ እንደዚያን ቀን አምሮለት አያውቅም፤ ያ ራሱ ደስ አላለኝም። ተነስቼ ጥሪውን ልመልሰው አልኩና፣ ሁለተኛው ጨዋታ ተጀመረ።

ሊያልቅ ሲል የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረግሁ፤ እህቴ በሩን በቡጢ እየመታች ነው።

«ክፈት!»

«አራት ደቂቃ!» አልኳት፣ ጆሮዬን መልሼ ሸፈንኩ።

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ጥሪውን ሳዞር የሚመጣውን አላወቅሁም፣ አልጠረጠርኩም ማለት ይቻላል። በሩ ሲደበደብ ግን ሰምቻለሁ። የዘበኛውን ታሪክም ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አሸንፌ በሩን ስከፍት እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «እማዬ ደም እየፈሰሳት ነው፣ አባዬ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲደውልልህ! ሲያጣህ ለኔ ደወለ፣ ከገበያ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። አንተ ሰይጣን፣ ስልክህን ምን አድርገኸው ነው?»

ጥሪውን መለስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እሑድ ስለነበር የአሰላው ሚኒባስ እስኪሞላ አይነሳም። መንገድ ላይ ደራ ከተማ ደግሞ የሽንኩርት ጆንያ ሊያወርድ ቆመ። ረዳቱን ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ እኔ ማን ሆኜ ነው ሰውን አዘገየኸኝ የምለው? ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ እያየሁት ሄድኩ። አባቴ አልደወለም። ልደውልለትም ፈራሁ፤ የሚለኝን ፈራሁ።

ስደርስ መሽቶ ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ አባቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ክንዳቸውን በጥጥ ይዘው ለስላሳ ይጠጣሉ። ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከአቦምሳ የመጡ ናቸው። ነርሷ የእናቴን የደም ዓይነት እየጠራች ካልጋ አልጋ ስትዞር «የኔ እሱ ነው» ብለው የተነሱት እሳቸው ናቸው። እናቴን ሳያውቋት።

«ገለቶማ፣ እናቴ» ብዬ በኦሮምኛ አመሰገንኳቸው፣ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ብዬ።

እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጅዋ አንተ ነህ? መንገድ ላይ ክፉ ነገር ደርሶብህ ይሆናል ብለን ላንተ ስንጸልይ ነበር» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ይህን ጊዜ ነው ቀና ያለው። አርጅቶ ነበር፤ ባንድ ቀን።

«እማዬስ?» አልኩት።

«ከቀዶ ጥገና ወጥታለች። ተርፋለች።»

አጠገቡ ልቀመጥ ስል ዓይኔን አየኝ። ቁጣ የለውም፣ ድምፁም አልጨመረም።

«ለመሆኑ አሸነፍክ?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «አዎ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ እናታችን መትረፏን ሊነግራት ለእህቴ ደወለ። እሷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ነገር ሲኖረው የሚደውለው ለእሷ ነው።