ባዶው ጎል

የስፖርት አስተማሪያችንን «ፊሽካ» የምንላት ያለ ምክንያት አይደለም። ለዓመታት ልጆቹን በተደረደሩ የፕላስቲክ ኮኖች መሃል ኳስ እያስነዳች በፊሽካዋ ስታደነቁረን ኖራለች። እኔ ሒሳብ የማስተምርበት ክፍል ከሜዳው አጠገብ ስለሆነ ከማንም በላይ እኔ ነኝ የተሰቃየሁት። ልጆቹ ኮን መሃል ጎበዞች ናቸው፤ ግጥሚያ ሲጀመር ግን ሁሉም ኳሷ ላይ እንደ ንብ ይሰፍራሉ።

ዘንድሮ ጨዋታው ይቅደም፣ ልምምዱ ይከተል አለች። የትምህርት ቢሮው ሱፐርቫይዘር ስታስተምር ሊያያት የመጣ ዕለት ልጆቹን አራት ለአራት አጋጠመች፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚያገባባቸው ሁለት ትናንሽ ጎሎችም በግራና በቀኝ አቆመች። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው አንዱ ጎል ፊት ተጨናነቁ። ሰውየው ፊቱን አጨፈገገ። እኔም በመስኮት እያየሁ «ንገሪያቸውና ገላግይን» እላለሁ።

አጨብጭባ አስቆመቻቸው። «ክፍት ቦታ የት ነው?»

ዙሪያቸውን ማየት ጀመሩ። እሷ መልሱን አልነገረቻቸውም፤ ለአስተማሪ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም።

«በዚያኛው ጎል በኩል ማንም የለም» አለች አንዷ።

ጨዋታው ቀጠለ። ልጅቷ ወደዚያው መታች፤ ኳሷ ግን መንገድ ላይ ቀረች።

«ቲቸር፣ እዚያ ድረስ እንዴት ነው የሚመታው?»

ፊሽካ እፎይ አለች። ስትጠብቅ የነበረው ይህን ጥያቄ ነው። በውስጥ እግር ማቀበልን ያኔ አሳየቻቸው፤ ትንሽ ተለማምደው ወደ ጨዋታው ተመለሱ። ኳሷም ተሻግራ ባዶው ጎል ገባች።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ ፈገግ ብሎ «ፊሽካ አልያዝሽም እንዴ?» አላት።

ፊሽካው ሁሌ የሚንጠለጠልበትን አንገቷን ዳበሰች። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ነበር የሄደችው። አይቼ አልጠራኋትም።