ጋሽ ይጣራ እና የጠቆረው ደረሰኝ

ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ግዢ ሠራተኛ ሆኖ መጥረጊያ፣ ቁልፍ፣ የመስኮት መስታወትና ጠመኔ ሲገዛ ኖሯል። መምህራኑ «ጋሽ ይጣራ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ፓኮው ላይ «መቶ ፍሬ» ተብሎ የተጻፈበትን ጠመኔ ዘርግፎ «ይጣራ!» እያለ አንድ በአንድ ሲቆጥር ያገኙት ቀን ነው። ዘጠና ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው!

ሚስቱ «ውጭ እየዘነበ ነው» ብትለው እጁን በመስኮት አውጥቶ ካላየ አያምናትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአፉ አይነጥለውም። ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። አብሮት ይሠራ የነበረ ሌላ ግዢ ሠራተኛ በእጁ ያቆያቸው የማሽን ደረሰኞች ደብዝዘው ነጭ ወረቀት ሆነውበት፣ ያልበላውን ገንዘብ ከደሞዙ ሲከፍል አይቷል። ደረሰኝ ያልቀረበበት ክፍያ በገዢው ሠራተኛ ስም ዕዳ ሆኖ ይመዘገባላ! እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ጋሽ ይጣራ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነጭ ወረቀት ባየ ቁጥር ይደነግጣል።

ማክሰኞ ለትምህርት ቤቱ የውሃ ፓምፕ ገዛ። በቼክ ከፈለ፣ የትምህርት ቤቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበትን የማሽን ደረሰኝ ተቀበለ፣ ሦስቴ አነበበው። በዚያው ቀን ለሒሳብ ሹሟ ቢያስረክብ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን ጠረጠረ። የሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ በመስኮት ሥር ነው፣ ፀሐይ ይመታዋል። ደረሰኙ ቢደበዝዝስ? ጡረታ ከወጣ በኋላ ቢጠሩትስ? ስለዚህ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ።

«ይህን ላሚኔት አድርጊልኝ።»

ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰችው። «አባባ፣ ይሄ ወረቀት ሙቀት አይወድም። ባይሆን ኮፒ ላንሳልዎት።»

«ኮፒውን ለማን ልትሰጪው?» አላት።

«ኧረ ለእርስዎ!»

«ያልኩሽን አድርጊ።»

አደረገች። ደረሰኙ በአንድ በኩል ነጭ ሆኖ ገባ፣ በሌላ በኩል በፕላስቲክ ተለብጦ፣ ከሰል መስሎ ወጣ። አንድ ፊደል አይነበብም። ጋሽ ይጣራ ወደ ብርሃን አነሳው፣ ገለበጠው፣ ከዚያ ልጅቷን ትክ ብሎ አያት። «ስንት ከፈለሽ ፓምፑን የሸጠልኝ ባለ ሱቅ?» አላት። ምስኪን፣ የላሚኔቱን ሒሳብ እንኳ ሳትቀበል ሸኘችው።

የዚያን ቀን እራት አልበላም። የመጨረሻ ደሞዙ በሙሉ ቢቆረጥ እንኳ የፓምፑን ዋጋ አይሸፍንም። ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጸው ክሊራንስ ካልተፈረመ ደግሞ የጡረታ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። ከሁሉ የከፋው ግን ስሙ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በንጽህና ሠርቶ «በመጨረሻ ፓምፕ በላ» ሊባል ነው።

በማግስቱ ጠዋት የፓምፑ ሱቅ ሲከፈት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባለ ሱቁ ቧንቧና ጎማ በተከመረበት ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ነገሩን ሰማ፣ ጥቁሩን ፕላስቲክ አገላበጠ፣ ዓይኑንም አጠበበ።

«ጋሼ፣ ደረሰኝዎን ሰጥቼዎታለሁ። ድጋሚ ብቆርጥልዎ ሁለት ጊዜ እንደሸጥኩ ነው የሚመዘገበው። የአንድ ፓምፕ ግብር ሁለቴ ልክፈል?»

«ማሽንህ የቆረጠውን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጥ የለም እንዴ? ከዚያ ላይ ‹ቅጂ› የሚል አትምና ማህተምህን አድርግበት።»

«ይሄን ማን ነገረዎት?» አለ ባለ ሱቁ። አሁን ደግሞ መጠርጠር የእሱ ተራ ሆነ። «ደረሰኝ አንድ ቦታ አወራርዶ፣ በቅጂው ሌላ ቦታ የሚያወራርድ ሰው ሞልቷል። ቁጥሩን እንኳ ሳላውቅ ከስንቱ መሃል ልፈልገው?»

ጋሽ ይጣራ ከኮቱ ኪስ ደብተሩን አወጣና ማክሰኞ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «የደረሰኝ ቁጥር ይኸው። የማሽኑ ቁጥር ይኸው። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። የፓምፑ መለያ ቁጥር ይኸው። የሱቁ በር ሰማያዊ። ሻጩ ሰዓቱን በቀኝ እጁ ያሰረ፣ ሲናገር ጣራ ጣራ የሚያይ። ከእኔ በፊት የገዛው ሰው ደረሰኝ ሳይቀበል ወጣ።»

ባለ ሱቁ ቀኝ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። «ጋሼ… ከግብር ቢሮ ነዎት እንዴ?»

«ከትምህርት ቤት ነኝ አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ ይሁን። ከትምህርት ቤት ነዎት፣» አለ ባለ ሱቁ፣ ጭራሽ አላመነውም። ወንበር አቀረበለት። የማሽኑን ቁልፍ ሲነካካ ቆየና ቅጂውን አወጣ። ከላይ «ቅጂ» ይላል፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ደብተሩ ላይ እንዳለው ነው። ፈረመበት፣ ማህተም አሳረፈበት፣ ዋናው በሙቀት መበላሸቱን የሚገልጽ ማስታወሻም ሳይጠየቅ ጨመረበት። «ያ ሰውዬም ቸኩሎ ነው እንጂ ደረሰኙ ተቆርጦለታል» እያለ እስከ በሩ ሸኘው።

የሒሳብ ሹሟ ቅጂውን፣ ማስታወሻውንና ጥቁሩን ፕላስቲክ ተራ በተራ አየች። ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ ደረሰኝ እኮ እንደ መታወቂያ አይለበጥም!» አለችና አያይዛ ፈረመች። ክሊራንሱንም ጎተት አድርጋ ፈረመችበት።

ጋሽ ይጣራ ከወንበሩ አልተነሳም። «ሻጩ ጋ ደውለሽ አታጣሪም?»

«የሌላውን ሰው አጣራለሁ።»

«የእኔንስ?»

«የእርስዎን አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስቀመጥ አንድ ቀን ደውዬ አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበሩትም ቢሮውን ሲያስረክቡኝ ‹የእሱን ለማጣራት አትድከሚ› ነው ያሉኝ።»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። እያንዳንዱን ደረሰኝ አንድ ሰው ከኋላው ሆኖ የሚመረምረው መስሎት ነበር የኖረው። ስንት ሌሊት ቁጥር እያሰበ ተገላብጧል፣ ስንት ባለ ሱቅ አስቀይሟል፣ ያችን የፎቶ ኮፒ ልጅ እንኳ ሌባ አድርጓታል። ለካስ የሚያየው ዓይን አልነበረም። የሚጠራጠር ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ እሱ ብቻ ነበር። ከፋው፣ በጣም ከፋው።

«አጥፍተሻል፣ ልጄ» አለ። «ሰው አይታመንም። ደውዪ። አንድ ቀን እንኳ ይጣራልኝ።»

ሴትየዋ ልትስቅ ስትል ዓይኑን አየችና ተወችው። ስልኩን አነሳች። የደረሰኙን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የፓምፑን መለያ አንድ በአንድ ጠየቀች፣ ባለ ሱቁም ከወዲያ በኩል እየተጣደፈ መለሰ። እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ጋሽ ይጣራ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፈተና እንደሚታረምለት ተማሪ እርሳሷን እያየ ጠበቀ።

ስልኩን ዘጋች።

«ተጣርቷል፣ ጋሼ» አለችው። «ልክ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ፣ መሀረቡን አወጣ፣ እንባውንም ሳይደብቅ ጠረገ።