ሙቀት ሳይገባ የሚደረጉ ዘጠኝ ነገሮች

ሱቄ ግድግዳ ላይ አራት ማሽኖች ተሰቅለዋል። ብርድ ሲሆን ያሞቃሉ፣ ሙቀት ሲመጣ ያቀዘቅዛሉ፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ቫርመፑምፐ ይላቸዋል። ሱቁ ኦስሎ፣ ኦከርን የሚባል ሰፈር ነው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ስለሆነ ከጁን ጀምሮ ፀሐይ እንደ ባለቤት ገብታ ትቀመጣለች። የምሸጠው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላና ጧፍ ነው። በርበሬ ሙቀት ይችላል፣ ጧፍ ግን አይችልም።

ከጓዳው በር ጀርባ ዘጠኝ መስመር የተጻፈበት ካርቶን ተሰቅሎ ነበር። ማሽኖቹን የሰቀሉልኝ ሰውዬ ናቸው በማርከር የጻፉት። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ እድሜ ልካቸውን አልናብሩ ባሉት የቀዝቃዛ መጋዘኖች ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ የሙያ ፈቃዳቸውን ያድሱ ነበር፤ በሕጉ የማሽኑን ጋዝ መክፈት የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። እኔን ግን አስተማሩኝ። «ሱቅህ ነው፤ ስምንቱን ራስህ ትሠራለህ፣ ዘጠነኛውን እኔ እሠራለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከማሽን ጋር ተዋደን አናውቅም። አምፖል ስቀይር እንኳ የምሳደብ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው መስመር ኤሌክትሪኩን ከፊውዙ ማጥፋት ነው፤ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ቀጥሎ ክዳኑ ይከፈትና ማጣሪያዎቹ ይወጣሉ፣ በቫኪዩም ይጠረጋሉ፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባሉ፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃሉ። ሦስተኛው ማሽን ያለው በርበሬ ከምመዝንበት ጠረጴዛ በላይ ስለሆነ የእሱ ማጣሪያ ሲታጠብ ውሃው ቀይ ይሆናል። «ይሄን እንኳ አትድፋው፣ ሽንኩርት ብቻ ነው የጎደለው» ይሉ ነበር። በየዓመቱ ይሉታል፣ በየዓመቱ እስቃለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እናስነጥሳለን።

ከውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች መጥረግ ነው፤ ከተጫኗቸው ይጣመማሉ። ከሥራቸው ባለው የውሃ መቀበያ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ በቀስታ አፍስሶ በውጪው ቱቦ መውረዱን ማየት ያስፈልጋል፤ የሽሮ ብናኝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ቱቦውን እንደ ሊጥ ይዘጋዋል። የውጪዎቹ ማሽኖች ከቅጠልና በክረምት በረዶው ላይ ከሚበተነው ጠጠር ይጸዳሉ፣ ቱቦዎቹን የሸፈነው ስፖንጅ አለመቀደዱ ይታያል። የሪሞቱ ባትሪ ይቀየራል፣ ማሽኑ ከማሞቅ ወደ ማቀዝቀዝ ይዞራል። ስምንተኛው የምወደው ነው። ማሽኑን ሃያ ደቂቃ አስነስቶ ከላይ የሚስበውን አየርና ከታች የሚተፋውን አየር በቴርሞሜትር መለካት። በመካከላቸው አሥር ዲግሪ ገደማ ልዩነት ካለ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ራይት አድርጌ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «ልዩነቱ ካነሰ ወይም በረዶ ካየህ አጥፋ። ጋዙን አትንካ። እኔን ጥራኝ።»

ለብዙ ዓመት ጠርቻቸው አላውቅም፤ ሳልጠራቸው ይመጡ ነበር። ሜይ ሲገባ አንድ ቀን ጠዋት ከሰፈራቸው ከሄልስፊር በእግራቸው መጥተው ቦርሳቸውን በሩ ላይ ያስቀምጡና «የት ደረስክ?» ይሉኛል። እኔ ስምንቱን ሠርቼ ስጠብቃቸው መሰላል ይወጣሉ፣ ማያያዣዎቹን ያያሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ ጓዳ ገብተን ምሳ እንበላለን። እኔ ከሳቸው በስተቀር ከማንም ጋር ሱቄን ዘግቼ ምሳ በልቼ አላውቅም።

አገር ቤት ጦርነቱ በነበረበት ሰሞን ግን ኦስሎም ውስጥ ሰው በሚናገረው ቋንቋ መመዘን ጀምሮ ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ሱቁ ውስጥ ማን እንዳለ ያይ ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ እሳቸው ሦስተኛው ማሽን ላይ መሰላል ወጥተው ሳለ ስልካቸው ጮኸና በትግርኛ አወሩ። ከታች ሽሮ የሚገዛ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ለሠርግና ለተዝካር ሁሉ ከእኔ የሚገዛ ሁነኛ ደንበኛ።

«ምንድን ነው የሚነካኩት?» አለኝ ድምፁን ሳይቀንስ።

«ጋዙን እያዩ ነው» አልኩት።

«ከላይ ሆነው መርዝ እንዳይለቁብን ብቻ!»

አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሴቶች ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ትልቅ ሳቅ አልነበረም፤ ነገር እንዲያልፍ፣ ደንበኛ እንዳይቀየም የሚሳቅ ሳቅ ነው። ሽሮውን መዘንኩለት፣ ከላይ እፍኝ ጨመርኩለት። ያቺን እፍኝ ሳስባት ዛሬም ራሴን እጠላለሁ።

እሳቸው ሥራቸውን ጨርሰው ወረዱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ካርቶኑ ላይ ራይት አደረጉ። «ሦስተኛው ደህና ነው» አሉኝ። ምሳው ተዘጋጅቷል ስላቸው «ቀጠሮ አለኝ» ብለው ሄዱ። ቀጠሮ እንደሌላቸው አውቄ ነበር። ተከትዬ መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ነበር።

በሚቀጥለው ሜይ አልመጡም። ስምንቱን ብቻዬን ሠራሁ። ሦስተኛው ማሽን ስምንት ዲግሪ አሳየ። ያን ያህል መጥፎ አይደለም ብዬ ራይት አደረግኩ። በቀጣዩ ዓመት ስድስት ሆነ። ቴርሞሜትሩን አራገፍኩት፣ ባትሪውን ቀየርኩ፣ እንደገና ለካሁ። ያው ስድስት ነው። ማርከሩን ይዤ ካርቶኑ ፊት ቆምኩ። መስመሩ «ጥራኝ» ይላል። ብደውል መጀመሪያ ስለ ማሽን ሳይሆን ስለዚያ ሳቅ መናገር አለብኝ። ሌላ ባለሙያ ብጠራ ደግሞ ነገራችን ማለቁን በገዛ እጄ መፈረሜ ነው። ስለዚህ ውሸቴን ራይት አደረግኩ። በካርቶኑ ላይ የተደረገ የመጀመሪያው የውሸት ራይት እሱ ነው። በዚያ በጋ በሦስተኛው ማሽን በኩል የተደረደረው ጧፍ ሁሉ ጎበጠ። ለልጃቸው ክርስትና ገዝተው የሄዱ እናት በማግስቱ መልሰው አመጡልኝ፤ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠውት ወጡ።

በሦስተኛው ዓመት ሦስት ዲግሪ ሆነ። ክዳኑን ስከፍት ከክንፎቹ ታች፣ በአንዱ ጥግ ነጭ አመዳይ ይዟል። ካርቶኑን ማንበብ አላስፈለገኝም። አጠፋሁትና ስልኬን አወጣሁ።

«ያ» አሉ በኖርዌጂኛ፣ «አቤት» እንደማለት፣ እንደማንኛውም ሰው ስልክ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ከኦከርን። ሦስተኛው ማሽን...»

«ስንት ዲግሪ?»

«ሦስት።»

«በረዶ አለው?»

«አለው።»

«አጥፍተኸዋል?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። ከስተዋል፣ መሰላሉን ሲወጡ በየደረጃው ያርፋሉ። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ስፖንጅ ገልጠው በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ዘይት ነው። ጋዙ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ዱካው እዚያ ይቀራል። ዳዶው ላይ የሳሙና ውሃ ሲያደርጉበት ጥቃቅን አረፋ ቀስ እያለ ተነፋ።

«ይሄ ዛሬ የጀመረ አይደለም» አሉ። «ሁለት ዓመት አልፎታል። ያኔ ብትጠራኝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።»

የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሳቡ፣ የቱቦውን አፍ ቆርጠው እንደገና ሠሩት፣ በናይትሮጅን ሞልተው እንደማያፈስ አረጋገጡ፣ ከዚያ ፓምፑን አገናኝተው ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት ማውጣት ጀመሩ። ፓምፑ ጊዜ ይወስዳል። ሱቁ ባዶ ነበር። ሌላ እንዲህ ያለ ጊዜ እንደማላገኝ አወቅሁ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ስቄ ነበር» አልኳቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የፓምፑን ጌጅ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ከመሰላሉ ላይ ሆኜ አየሁህ» አሉ። «ሰውዬው ያለውን ረስቼዋለሁ። እንደሱ የሚል ብዙ ነው፣ በዚያ ሰሞን አውቶብስ ውስጥም ሰምቻለሁ። የአንተን ጥርስ ግን አልረሳሁትም።»

«ደንበኛ ነው ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ደንበኛህ አልነበርኩም፣ ለዚያ ነው የከፋኝ።»

ጋዙን በሚዛን ለክተው ሞሉ፣ ማሽኑን አስነሱ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ልዩነቱ አሥራ አንድ ሆነ። ምሳ ስላቸው ልጃቸው እንደምትጠብቃቸው ነገሩኝ። ይህኛው እውነት ይመስለኛል።

ከመሄዳቸው በፊት ካርቶኑን ከበሩ ጀርባ አወረዱትና አገላብጠው አዩት። የእኔን ራይቶች አዩ፤ የትኛው ውሸት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። «ይሄ አርጅቷል፣ ሌላ ካርቶን አምጣ» አሉኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! እየሮጥኩ የጧፍ ካርቶን ክዳን ቀድጄ አመጣሁላቸው። ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብለው በዚያው በሚያምር ጽሕፈታቸው ዘጠኙንም መስመር እንደ አዲስ ጻፉ። እኔ በርበሬ ለምትገዛ ሴት እየመዘንኩ በጎን አያቸው ነበር። ታረቅን ብዬ ነበር። በሩ ጀርባ ራሳቸው ሰቀሉት፣ ቦርሳቸውን አነሱ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ወጡ።

ያነበብኩት ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነው። ስምንቱ መስመሮች ያው ናቸው። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «ልዩነቱ ካነሰ ወይም በረዶ ካየህ አጥፋ። ጋዙን አትንካ። ፈቃድ ያለው ድርጅት ጥራ።»

ዘንድሮም ሜይ ሲገባ ፊውዙን አጠፋሁ፣ ማጣሪያዎቹን አጠብኩ፣ ቀዩን ውሃ ደፋሁ፣ ብቻዬን አስነጠስኩ። ማርከሩን ይዤ ሦስተኛው ማሽን ሥር ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ቴርሞሜትሩ ትንሽ ዝቅ ያለ ነገር ቢያሳየኝ፣ ዘጠነኛው ያለውን ትቼ እሳቸው ዘንድ ልደውል ወስኜ ነበር። አሥራ አንድ ዲግሪ አሳየኝ። አራግፌ ደግሜ ለካሁት። አሥራ አንድ ነው። በደንብ ሠርተውታል፤ የምደውልበት ምክንያት አልተውልኝም።