ድንጋይ ወይስ አረቄ

የሥራ ደህንነት ኃላፊ የሆንኩት ችሎታ ኖሮኝ አይደለም። ሌላ ክፍል ሁሉ ስለመለሰኝ ነው። መጀመሪያ ግምጃ ቤት ነበርኩ፤ እዚያ ከሁሉም ሰው ጋር ተጣላሁ። ሽያጭ ክፍል ተዛወርኩ፤ ደንበኞቹ አቤት አሉብኝ። በመጨረሻ አንድ ቢጫ ሄልሜት አስደፍተው በየማሽኑ ሥር እየዞርኩ ሰው እንድነዘንዝ ደመወዝ ቆረጡልኝ። መነዝነዝ ሥራ መሆኑን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ገና በወጣትነቴ እሾም ነበር። ሠራተኞቹ «ኦቦ ሴፍቲ»፣ አቶ ደህንነት እንደማለት፣ ይሉኛል፤ ለአክብሮት ነው ብዬ ረጅም ጊዜ ኮርቼበታለሁ።

ፋብሪካው የምግብ ዘይት የሚጨምቅ ነው፤ ሰበታ፣ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር። ጊዜው የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰፈሩን ሁሉ ያናወጠበት ነበር። መንገዱ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል። ኢንተርኔት የለም። ከሠራተኛው ግማሹ ከቤቱ አይወጣም፤ የመጣውም ጎን ለጎን ቆሞ ጀሪካን እየሞላ ዓይን ለዓይን አይተያይም። ማን የማን ወገን እንደሆነ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚጠላው ሰው የጥበቃው ፈረቃ መሪ ነበር። በረብሻው ቀን ማን እንደቀረ ስም ጽፎ ለፖሊስ ይሰጣል ይባላል። እኔም እጠላው ነበር፤ የእኔ ምክንያት ግን እንዲህ የከበረ አይደለም። የልጄ እኩያ ሆኖ «አንተ» ይለኛል። ያውም በሰው ፊት።

አንድ ጠዋት ይህ ሰው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ወድቆ ተገኘ። መንገዱን ለማየት የአሉሚኒየም መሰላል አጥሩ ላይ አስደግፎ ይወጣ ነበር። መሰላሉ ከጎኑ ወድቋል፤ የጭን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ከማጅራቱ በላይ ተፈንክቷል። እኔ ስደርስ የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ራሱን በፋሻ እየጠቀለለች ነበር። እሱ ያቃስታል፤ ሰዉ ከቦ ይመለከታል። የሚያዝን ፊት አላየሁም። እውነቱን ለመናገር የራሴን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ባየው ኖሮ ግን አላምነውም ነበር።

በፒክአፕ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዱት። እኔም ወረቀቴን ይዤ ተቀመጥኩ። በሥልጠና የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ትከፍለዋለህ። በአንድ ወገን ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን፣ በአፍንጫው ያሸተተውን ትጽፋለህ፤ ማን እና መቼ የሚለውን ጭምር። በሌላው ወገን «ለዚህ ነው የወደቀው» የሚለውን። አንዱ ወደ ሌላው መስመር አይሻገርም። ቀላል ነው፤ የሚጽፈው ሰው የሚጠላው ሰው እስካልወደቀ ድረስ።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ድንጋይ ነው፤» አለኝ። «ከውጭ ወርውረው ነው የመቱት። እንደዚያ ብለው ይጻፉ። መንግሥት ኢንቨስተር ላይ የሚደርሰውን ይወቅ።»

«ማን አየ ጌታዬ?»

«ድንጋዩ አጠገቡ ነበር ተብሏል!»

ነበር። የቡጢ ያህል ድንጋይ፣ ከወደቀበት ቦታ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ግን ግቢው በሙሉ ድንጋይ ነው፤ ትናንት ሲወረወር የዋለው። የጽዳት ሴቶቹ ስላልመጡ ያነሳው የለም። እኔ ደግሞ ትናንት ማታ ሥራ አስኪያጁ ራሱ «ለኢንሹራንስ ይሆነናል» ብሎ አዝዞኝ ግቢውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ሥዕሉን አሰፋሁት። ያው ድንጋይ፣ ያው ቦታ ተቀምጧል። ሌላ ድንጋይ አልመታውም ማለት አይደለም። ይህኛው ግን ከማታ ጀምሮ እዚያው አድሯል።

ይህን ስነግረው ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ከምሳ በኋላ መልሶ ደወለ፤ ድምፁ ማር ሆኗል። ኢንሹራንሱን አነጋግሯል ለካ። ውሉ በሁከት የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም።

«ድንጋዩን ይተዉት፤» አለኝ። «ሰውየው ሰክሮ ነበር ይባላል። ምስክር አለ። የሰከረ ሠራተኛ ካሳ የለውም፤ ሕጉ ነው።»

ምስክርስ ሞልቶ። ከቢሮዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ለወራት ሥራ አስኪያጁን ሲረግሙ የከረሙ ሰዎች በዚያ ቀን ከእሱ ጋር አንድ ቃል ሆኑ። በዚያ ሁሉ ረብሻ ፋብሪካው ውስጥ ሰላም ሲወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ሰው ጭን አጥንት ላይ።

«አረቄ አረቄ ይሸት ነበር!» አለኝ አንዱ።

«ስትደርስ ነርሷ ነበረች?»

«አዎ፤ ራሱን ታስራለች።»

ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። ሁሉም የደረሱት ከነርሷ በኋላ ነው። ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ቁስሉን በምን አጠብሽው?»

«በአልኮል ነዋ!» አለች ተቆጥታ። «ሳቭሎን አለቀ ብዬ ከነገርኳችሁ ስንት ጊዜ ሆነ? መንገድ ተዘጋ ትሉኛላችሁ። ቸኩዬ ጠርሙሱ ተደፋ፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። አሁን ደግሞ በእኔ ልታመካኙ ነው?»

«አንቺ ስትደርሺ፣ ጠርሙሱን ሳትከፍቺ በፊት፣ ይሸት ነበር?»

«የሰው ደም እየፈሰሰ እኔ አሸታለሁ?»

ከነርሷ ቀድሞ የደረሰ አንድ ጫኝ ብቻ ነው። የመሰላሉን ኳኳታ ሰምቶ ሮጦ የመጣው እሱ ነው። ሲወድቅ ግን አላየም፤ ማንም አላየም። አስጠራሁት።

«ሸተተህ?»

«ምንም አልሸተተኝም፣ ኦቦ።»

የመርማሪ ያህል ደረቴን ነፋሁ። ልጁ ግን ወዲያው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዞኛል። አሁን እዚህ ጎማ ቢቃጠልም አይሸተኝም።»

ያንንም ጻፍኩ። «ምንም አልሸተተኝም ይላል፤ ጉንፋን እንደያዘውም ይናገራል።» ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደውዬ ደሙ ለአልኮል ተመርምሮ እንደሆን ጠየቅሁ፤ አልተመረመረም። መሰላሉን ገልብጬ አየሁ፤ ከሁለቱ እግሮቹ የአንዱ ጎማ የለም። እዚህ ላይ እጄ በላኝ፤ «ተንሸራቶ ነው» ብዬ ልጨርሰው ፈለግሁ። ጎማው ከመውደቁ በፊት ይጥፋ፣ ሲወድቅ ይነቀል፣ የሚያውቅ ሰው ግን አጣሁ። አካባቢውን ፈልጌ ጎማውን አላገኘሁም። «አንዱ ጎማ የለም፤ ቢፈለግም አልተገኘም» ብዬ አቆምኩ። በሌላው ወገን ሦስቱንም ግምት ደረደርኩ፤ ድንጋይ፣ መጠጥ፣ መሰላል፤ ማን እንዳለውና ምን እንደሚጎድለው። ከሥር ምክንያት በሚለው ቦታ «አልታወቀም» አልኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ማሸጊያ ክፍል ደረሰ። አንዲት የማሸጊያ ሠራተኛ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቢሮዬ ገባች። ወንድሟ ከታሰረ ሰንብቷል።

«ለዚያ ለጆሮ ጠቢ ነው የሚደክሙት?»

«ለማንም አልደከምኩም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ወንድሜን ስሙን ጽፎ የሰጠው እሱ ነው!»

«ሲሰጥ አየሽው?» አልኳት። ከአፌ ሳይወጣ በፊት ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር።

ጓንቷን አወለቀች። «ዱጋ ልንገርዎት?» አለች፤ እውነቱን ልንገርዎት ማለቷ ነው። «ሲሰጥ አላየሁም። ወንድሜ ቤት የለም፤ ይሄን በየቀኑ አያለሁ። እንግዲህ በፈለጉት ወገን ይጻፉት።»

 እኔ ራሴ ሰውየው ስም ሲያቀብል ያየሁት አንድም ቀን የለም፤ ጆሮ ጠቢ መሆኑን ግን እንደ ስሜ አውቅ ነበር። ወጣችና በሩን አላተመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርቪስ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ተመቸኝ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ፤ ማንም አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አይቶ ወረወረው።

«አልታወቀም ማለት ምን ማለት ነው? ደመወዝ የምንከፍልዎ እንዲያውቁ ነው!»

«ስካር ብዬ ብጽፍ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ማን አሸተተ ይላል። እኔ ደግሞ የነርሷን ጠርሙስ ይዤ እቀርባለሁ።»

«ጡረታዎ ደርሷል አይደል?»

«ከደረሰ ቆየ ጌታዬ፤ እናንተ ናችሁ የረሳችሁት።»

አንዱን ቅጂ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። የተጎጂው ፊርማ ያለበትን ቃል አምጣ አሉኝ። መንገዱ ሲከፈት ሆስፒታል ሄድኩ። እግሩ በገመድ ተወጥሮ፣ ከአልጋው ግርጌ ክብደት ተንጠልጥሎበት ተኝቷል። ሚስቱ ከአጠገቡ ተቀምጣለች።

«መጣህ?» አለኝ። «ሞቷል ሲሉህ ደስ ብሎህ ነው?»

«አልሞትክም ብለውኝ ነው የመጣሁት። ቃልህን ስጠኝ።»

«በድንጋይ መቱኝ።»

«ማን ሲወረውር አየህ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ እንዴት ነው የማየው? ሲመታኝ ተሰማኝ።»

ጻፍኩና አነበብኩለት። «ከመውደቄ በፊት ራሴን ድንጋይ ሲመታኝ ተሰማኝ ይላል፤ የወረወረ ሰው ግን አላየሁም ይላል።»

«ይላል? ይላል ምንድን ነው? ውሸታም ነኝ?»

«የሁሉም ሰው ቃል ይላል ነው የሚለው። የአረቄውም እንደዚያው ነው።»

«የምን አረቄ?»

ነገርኩት። ማን ምን እንዳለ ስም ሳልጠራ ነገርኩት። ከንፈሩ ነጣ። ጠጥቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሚስቱ ፊት ነበርን፤ ምናልባትም ፈርቼ ነው።

«ድንጋይ ነው ብለህ ጻፍ፤» አለኝ። «ከመሰላል ወደቀ እያሉ ሲስቁብኝ ሊኖሩ ነው?»

«እንደዚያ ብዬ አልጽፍም።»

«እንግዲያው አልፈርምም። ውጣልኝ!»

ሚስቱ ብድግ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ የቤት ኪራይ ድንጋይ ነው የሚከፍልልኝ? ፈርምና ይሂዱ!»

እስክሪብቶውን ከእጄ መንጭቆ ፈረመ፤ ወረቀቱን ሊቀደው ትንሽ ቀረው። ያ ቃል ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ሄደ። መስከሩን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ስላልቻለ ፋብሪካው እያጉረመረመ የሕክምናውንም የደመወዙንም ከፈለ። ይህ የሆነው በኋላ ነው። በዚያ ቀን ግን «አይዞህ፣ ይማርህ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞርብኝ ሞከረ። ክብደቱ እግሩን ይዞ አላስገላበጠው አለ። እኔን ላለማየት ያለው አማራጭ ዓይኑን መጨፈን ብቻ ነበር፤ ወረቀቴን አጣጥፌ እስክወጣ ድረስ ጨፍኖ ቆየ።