ግዴታው የቱ ነው?

የዚያን ሰሞን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ይደክመኝ ነበር። የሦስተኛ ዓመት የሎጂስቲክስ ተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ክፍላችን ደንብ ክረምቱን አንድ ድርጅት ውስጥ ኢንተርን ሆኖ ያልሠራ ተማሪ አይመረቅም፤ ቦታውን ፈልጎ የሚያገኘውም ተማሪው ራሱ ነው። የክፍል ልጆች አንድ በአንድ እያገኙ በቴሌግራም ግሩፓችን ሲያበስሩ፣ እኔ «እንኳን ደስ አላችሁ» እየጻፍኩ ስልኬን ትራስ ስር እወሽቀው ነበር።

ማስታወቂያ አጥቼ አይደለም። በተለይ አንዱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከምንኖርበት ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ብዙ የማይርቅ፣ ላፍቶ ያለ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት መጋዘን ለክረምቱ ኢንተርን ይፈልጋል። የሎጂስቲክስ ወይም ተዛማጅ ትምህርት ተማሪ፣ ኤክሴል፣ የመጋዘን ሶፍትዌር፣ የሥራ ልምድ፣ አፋን ኦሮሞ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሌላም ሌላም ይላል። የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ። ልምድ ለማግኘት የሚገባ ሰው ልምድ ከየት ያመጣል? ከመናደድም አልፌ ደክሞኝ ነበር።

እንዲህ ማንበብን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ በመስኮት ይቀበል ነበር። እዚያ መስኮት ላይ አንድ ነገር የጎደለው ይመለሳል። ቢለምንም ይመለሳል፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶም ቢሆን ይመለሳል። «ተፈላጊ ችሎታ ከተባለ ተፈላጊ ነው። አንድ ከጎደለሽ ሰው አታስቸግሪ» ይለኛል። እኔም ሰው ሳላስቸግር ግንቦት አለቀ።

አባቴ በዚያ ዓመት ግራ ጎኑን ስትሮክ መትቶት በምርኩዝ ነበር የሚሄደው። እናቴ በሕይወት የለችም፣ እህት ወንድምም የለኝም። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት መካኒሳ ወዳለው ክሊኒክ ለፊዚዮቴራፒ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ደረጃውን ማውረድ፣ ታክሲ ላይ ማሳፈር፣ ወረፋ መጠበቅ፣ መልሶ ደረጃውን ማውጣት። ከዚያ በኋላ ያለው የቀኑ ክፍል ለምንም አይሆንም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችው የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሆነች። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምትሠራው፤ ማመልከቻ ሲያነቡ መዋል እንጀራዋ ነው። ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። ክረምቱን የት ኢንተርን እንደምሆን ስትጠይቀኝ «የትም፤ የሚጠይቁትን አላሟላም» አልኳት።

«እስቲ አሳዪኝ።»

ስልኬን ተቀብላ ማስታወቂያውን ከመሃሉ ጀመረችው፤ ኢንተርኑ ምን ይሠራል ከሚለው።

«ምን አስዘለለሽ?» አልኳት።

«ማመልከቻ ሲመጣልን እኛም መጀመሪያ የምናየው ሰውየው ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ የሚለውን ነዋ። አየሽ፣ የገባና የወጣ ዕቃ ኤክሴል ላይ መመዝገብ። መጋዘን ያለውን ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር። የሳምንት ሪፖርት ማዘጋጀት። ኤክሴል ትችያለሽ?»

«እሱንማ እችላለሁ።»

«በይ አሁን ወደ ላይ እንመለስ። ኤክሴል ላይ ‹መቻል አለበት› ብለዋል። አለበት ካሉ ቀልድ የለም። ሶፍትዌሩ፣ ልምዱና አፋን ኦሮሞው ላይ ምን ይላል?»

አነበብኩት። «ቢኖረው ይመረጣል» ይላል። ሺህ ጊዜ ያነበብኩት መስመር ነው።

«ሁለት እኩል ሰው ቢመጣ ያለውን እንወስዳለን ማለታቸው ነው። ሶፍትዌሩን በሳምንት ያሳዩሻል። ይህን ሁሉ ያሟላ ሰው ደግሞ ኢንተርን ልሁን ብሎ አይመጣም፣ ደመወዝ ይጠይቃል እንጂ።»

«መንጃ ፈቃዱስ? እሱ ላይ ይመረጣልም አይልም፣ ዝም ብሎ ነው የተጻፈው።»

«ዝም ብሎ የተጻፈውን ከሥራው ጋር አስተያዪው። ከሥራዎቹ ውስጥ መንዳት አለ? የለም። አለቃው ይግባ ብሎ ያስገባው ይሆናል፤ የኛም አለቃ እንደዚያ ነው። ቁርጡን ባላውቅም በሱ ምክንያት አልቀርም። የሌለሽን ግን አለኝ ብለሽ እንዳትጽፊ። ኤክሴል ላይ ምን እንደሠራሽ ጻፊ፣ ሶፍትዌሩን ገና አላውቀውም በይ። አለቀ።»

ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ሲለኝ ይታወቀኛል። እሷ ግን ገና እያነበበች ነበር። ጣቷ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ።

«ይቺን አይተሻታል? ‹ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን በሥራ ቦታ መገኘት የሚችል ብቻ።› ‹ብቻ› የምትለዋን ልብ በያት። እንዲህ ያለው፣ ተማሪ መሆን፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ወይ አለሽ ወይ የለሽም። በመሃል ምንም የለም።»

አይቼዋለሁ። አይቼው፣ ስለ ችሎታ ስላልሆነ ከቁም ነገር ሳልቆጥረው አልፌው ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ትዝ አለኝ። እሷም አባቴን እየደገፍኩ ደረጃ ስወርድ ታየኛለች፤ ስልኬን መለሰችልኝ። ተራዋ ደርሶ ገባች።

ለድርጅቱ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፤ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት አርፍጄ ብገባና አምሽቼ ባካክስ ይቻላል ወይ አልኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። ዕቃ የሚራገፈው ጠዋት ስለሆነ አይቻልም፣ ስላሰቡን እናመሰግናለን ይላል። ክፉ ሰዎች አይመስሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፣ ሰድቤያቸው ይወጣልኝ ነበር።

አባቴ ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስልኩን ተቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ መስኮቱ ዘመን፣ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጎረቤታችን ያለችውንም ነገርኩት። «ይመረጣል» በሚለው ላይ ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽሩን አወለቀ። ከመስኮቱ የመለሳቸውን ሰዎች እያሰበ ይሁን አይሁን አላውቅም።

«ማክሰኞና ዓርብ እኔን መውሰድሽ የትኛው ውስጥ ይገባል?» አለኝ በመጨረሻ።

«ግዴታ ነዋ፣ አባዬ። ይሄም ይጠየቃል?»

«አይደለም። ግዴታው እኔ ክሊኒኩ መድረሴ ነው። የምታደርሺኝ አንቺ መሆንሽ፣ ቢኖር ይመረጣል ነው።»

ልስቅም ላለቅስም አልሆነልኝም። ብቻህን አትችልም ብዬ ተከራከርኩት። እሱም በማግስቱ ምርኩዙን ይዞ ደረጃውን ብቻውን ሲወርድ ከላይ ሆኜ እንዳየው አደረገኝ። በጣም ቀስ ብሎ፣ በየፎቁ እያረፈ ወረደ። እኔም ሲቪዬን ጻፍኩ፣ ከትምህርት ክፍሌ የድጋፍ ደብዳቤ አወጣሁ፣ ላክሁ። ጠሩኝ። ስለ ሶፍትዌሩ ገና አላውቀውም ስላቸው «እናሳይሻለን» አሉ፤ መንጃ ፈቃድ ያነሳ ሰውም አልነበረም። ጠያቂው ሁለት ጊዜ የደጋገመው፣ ጠዋት በሰዓቱ ትገቢያለሽ ወይ የሚለውን ነው። እገባለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየቆጠርኩ ሐሳቤ ሁሉ መካኒሳ ነበር። የቆጠርኩት እየጠፋብኝ ደጋግሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አባቴ ደወለ።

«ደርሼ ተመለስኩ። ተሳፋሪዎች ደግፈው አወረዱኝ። ምንም አልሆንኩም» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ጎበዝ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ካርቶኖቹ መሃል ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያደከመኝን የማክሰኞና የዓርብ መንገድ ለካ እወደው ኖሯል። ያለ እኔም ክሊኒኩ ይደረሳል።