ሸማኔው የፈረመበት ቢጋር

ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ እኔ ስቆጣ እጽፋለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አነስተኛ የልማት ድርጅት የፕሮጀክት ባለሙያ ነኝ። ከሥራዬ ግማሹ ለአማካሪዎች የሚሰጥ ቢጋር ማርቀቅ ነው፤ አማካሪው ምን ሠርቶ፣ መቼ አስረክቦ፣ ምን ሲያሟላ እንደሚከፈለው የሚናገረውን ወረቀት ማለቴ ነው። ቀላል ይመስላል። እኔም የመጀመሪያውን ስጽፍ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ የሚኖሩ ሠላሳ ሴቶች ሱፍ ፈትለው ለብርድ ልብስ ሸማኔዎች እንዲሸጡ ነበር የታሰበው። በቢጋሩ ላይ «የገበያ ጥናት ያካሂዳል፣ ለሠላሳ ሴቶች ሥልጠና ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍያውን «ሪፖርቱ ሲቀርብ» አልኩት። አማካሪው ሦስት ቀን አሠለጠነ፣ ወፍራም ሪፖርት አቀረበ፣ ተከፈለው፣ ሄደ። ሴቶቹ አንዲት ልቃቂት ክር አልሸጡም። በሰውዬው ላይ ስንት ወር ተናደድኩ! አንድ ቀን ቢጋሩን አውጥቼ ደግሜ ሳነበው ግን ያልፈጸመው አንድ መስመር እንኳ አጣሁ። ያልኩትን ሁሉ አድርጓል። እንዳፈርኩ አልደብቅም።

ረጂው ድርጅት አንድ ተጨማሪ ዕድል ሲሰጠን ኃላፊያችን ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት፤ አሁንም ወረቀት ብቻ ካመጣን የሴቶቹ ቡድን ይዘጋል» አለኝ።

አዲሱን ረቂቅ በአንድ ሳምንት ጻፍኩ። ክፍያውን በሦስት ከፈልኩት፤ ሃያ በመቶ የመነሻ ሪፖርቱ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ አርባው ሥልጠናው ሲያልቅ፣ ቀሪው አርባ ሸማኔዎቹና ሴቶቹ የግዢ ውል ሲፈራረሙ። ለእያንዳንዱም ቀን ቆረጥኩለት። እንደኮራሁበት ከመጠለያው ሄጄ ለቡድኑ ሰብሳቢ አነበብኩላት። ሰብሳቢዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ገበሬ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ሥልጠናው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ቆይ እስቲ፣ የኔ ልጅ። እኔ ስንቴ የሠለጠንኩ ይመስልሻል?» አለችና ከፍራሿ ሥር አንድ ፌስታል አወጣች። ሰርተፍኬት ነው። ስለ ዶሮ፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ሱፍም። የሱፉ ላይ የእኔ ፊርማ አለበት። «ይሄ አይበላ፣ አይለበስ። ክርሽን ተቀብያለሁ የሚለኝ ማነው? እሱን ጻፊልኝ።»

ረቂቄን መልሼ ገለጥኩት። ረቂቁ ላይ ሥራውን ተቀባይ የቢሮአችን ኮሚቴ ነበር፤ ከኮሚቴው አባላት ደግሞ ስለ ክር የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ወደ አንጎለላ በር አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ የመንዝ ሸማኔ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ የሰው ክር እንዴት እንደሚቀበሉ ጠየቅኳቸው። ወሬ አላበዙም። ከልቃቂት ላይ አንድ ክንድ ስበው በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወጠሩት፣ ጓጉሎ ያገኙትን ቦታ በጥፍራቸው አሳዩኝ።

«ማግ ሲሆን ክፉውም ያልፋል» አሉ። «ክር የሚታወቀው ድር ሆኖ ሲወጠር ነው። በአንድ ብርድ ልብስ ሁለት ሦስቴ ቢበጠስ ይቀጠላል፣ የአባት ነው። ከዚያ ካለፈ ለፈታይዋ እመልሳለሁ። አትቀየመኝም፤ እንደገና ፈትላ ታመጣለች።»

ደብተሬ ላይ ቃል በቃል አሰፈርኩት። ስንት ዓመት በሥልጠና ቀን ስቆጥረው የኖርኩት መለኪያ በእኚህ ሰው ጣት ላይ ነበር።

«ክሩን መቼ ነው የምታመጡት?» ሲሉኝ «በነሐሴ» አልኩ። በጀታችን ሐምሌ ስለሚጀምር እኛ ቢሮ ያለን ሰዎች ሥራን ሁሉ ከሐምሌ መቁጠር ልማዳችን ነው።

ጋሼ ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። «በነሐሴ በግ ሸልተሽ ብርድ ልብስ ልታለብሺው ነው? በዚህ ብርድ! በጉም ያልቃል፣ ሱፉም አይደርቅም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጊዜ ሰሌዳውን ከመስቀል በኋላ እንዲጀምር አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ሁለተኛውን ክፍያ ከሥልጠናው ላይ አንስቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከሠላሳዎቹ ቢያንስ ሃያ አራቱ የፈተሉት ክር በሦስት ሸማኔዎች ዘንድ ድር ሆኖ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ከሦስት ጊዜ በላይ ሳይበጠስ ሲሸመን፤ ሸማኔዎቹም በርክክብ ቅጹ ላይ ሲፈርሙ።»

የፋይናንስ ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ይሄን አይቶ የሚወዳደር አማካሪ ታገኚያለሽ?»

«ካላገኘሁ ሥራው እንደማይሠራ አስቀድመን አወቅን ማለት ነው» አልኩት። ጥጋብ ነበር፤ ውስጤ ግን ፈርቶ ነበር።

ሦስት ሰዎች ቢጋሩን ወሰዱ። ሁለቱ አልተመለሱም። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ከአዲስ አበባ ደውላ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

«ሸማኔው በቂም ክሩን ቢመልስብኝስ?»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ልጅቷ ተናግራ መብቷን አስከበረች። ጥያቄዋንና መልሱን ለሦስቱም ላክንና ቢጋሩን አሻሻልነው። ክር የሚመልስ ሸማኔ ምክንያቱን ያስጽፋል። ቢሯችን የቀረበለትን ሥራ በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀበላል ወይም ያስተካክላል። አማካሪዋም አንድ የማረሚያ ዙር አላት። ከእሷም ጋር ውል አሰርን።

የመጀመሪያው ክር በኅዳር ቀረበ። ከሠላሳው የዐሥራ አንዱ ብቻ አለፈ። ሁለተኛውን ክፍያ ያዝን። አማካሪዋ ስትደውል እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። እሷ ግን የጠየቀችኝ ሸማኔዎቹ ያስጻፉትን ምክንያት ነበር። «ሱፉ ከመፈተሉ በፊት በደንብ አልተነደፈም» ይላል። በሦስተኛው ቀን ከመንዝ አንዲት ፈታይ ይዛ መጣች፤ ሴትዮዋ መጠለያው ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀምጣ አነዳደፉን አሳየች። የድሮው ቢጋሬ ቢሆን ኖሮ አማካሪዋ ገንዘቧን ይዛ፣ እኔም ሪፖርቴን ይዤ በየቤታችን ነበርን።

ለሁለተኛው ዙር ርክክብ ከእትዬ ጋር ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። የሃያ ስድስት ሴቶች ክር አልፎ፣ የሦስቱ ተመልሶ፣ የቀረው የእሷ ነበር፤ የመጀመሪያው ጊዜ ከተመለሰባቸው አንዷ ናት። ቁጥሩ ቢሞላም የእሷ ከወደቀ ምን ፊት ይዤ እንደምመለስ አላውቅም። ጋሼ ልቃቂቷን ይዘው ድሩን በችካሎቹ ላይ ያመላልሱ ጀመር። ክሩ ይረዝማል፣ ልቃቂቷ ታንሳለች። ሲሸምኑም ቁጭ ብለን አየን፤ ሁለቴ ተበጠሰ፣ ቀጠሉት። ሦስተኛ ሳይበጠስ ቀረ።

«ይሄ ድር ነው» አሉና ቅጹን ተቀብለው ቀስ ብለው ፈረሙ። «የግዢውን ውል አምጡት። ለጥምቀት ስንት ታደርሱልኛላችሁ?»

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ለመነሳት ስንዘጋጅ ድሩ ከተዘረጋበት ሥር አንድ የተጣጠፈ ወፍራም ወረቀት አየሁ፤ ልቃቂቷ ስታልቅ ከመሐሏ የወደቀ ነው። አንስቼ ዘረጋሁት። የሱፉ ሥልጠና ሰርተፍኬት ነበር፤ ፊርማዬ እንዳለ ነው።

«ክር የሚጠቀለልበት ደህና ነገር አጥቼ ነው፤ አትቀየሚኝ» አለች እትዬ።

አጥፌ መለስኩላት። ለሚቀጥለው ልቃቂት ያስፈልጋታል።