ፈጠን ብለው ይራመዱ

የአውቶቡስ ሾፌሩ ማታ መኪናውን አስረክቦ ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄዳል። ሐኪሟ፣ «ጉበትዎ ላይ ያለው ስብ ብቻ ነው፤ ገና አልተቆጣም፣ ጠባሳም የለውም። ለስላሳ መጠጡን ይተዉ፣ ክብደት ይቀንሱ፣ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ጉበትዎ ወደ ጤናው ይመለሳል» ብላዋለች።

ሟች ሚስቱም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተብላ ነበር። አልኮል በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት! «ምኔንም አያመኝም እኮ» ብላ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ስቆ ለስላሳውን ከፈተላት። ስቡ ድምፁን አጥፍቶ ጉበቷን አስቆጣ፤ ቁጣው ጠባሳ ጣለ፤ ጠባሳው እያደር ጉበቷን አደነደነው። በመጨረሻ ሱቅ ድረስ እንኳ ክንዱን ይዛ እየሄደች፣ «ቀስ በል እንጂ አንተ ሰው፣ ማን አባረረህ?» ትለው ነበር።

አሁን ሱሪው ሰፍቶታል። መንገዱን ፈጠን ብሎ ይራመዳል። ሱቁ ጋ ሲደርስ ግን፣ የሚይዘው ሰው ያለ ይመስል ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ፣ ቀስ ይላል።